ባለቤትን በሞት ካጡ በኋላ ወደ ሌላ ሰው መቅረብ፦ ጥፋተኝነትንና ፍርሃትን ለይቶ ማከም

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41 ነው። ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ቦታው ላይ በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፈ። የዚያን ዕለት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በገንዘብ ጉዳይ ተጣልተን ነው የወጣው፤ ‹ደክሞኛል› ሲለኝ ‹አንተ መቼ ሳይደክምህ ቀርቶ ያውቃል› አልኩት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ወደቀ ተብሎ ተደወለልኝ። አሁን ከአምስት ወር ወዲህ ከአንድ ሚስቱን ከፈታ ሰው ጋር እየተቀራረብን ነው። አብሬው ስሆን ደስ ይለኛል፤ ቤት ስገባ ግን ባለቤቴን የከዳሁት ይመስለኛል፣ እንቅልፍም አጣለሁ። ስልኩን ካላነሳ ደግሞ የሞተ ይመስለኝና እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ደጋግሜ እደውላለሁ። የቀድሞ ሚስቱ ስልኩን ትፈትሽበት እንደነበር ነግሮኛል፤ ደጋግሜ ስደውልበት ዝም ይላል። የ11 ዓመት ልጅ አለኝ፤ እስካሁን አልነገርኩትም። ጊዜው ገና ነው ማለት ነው? ስሜቱ እስኪለቀኝ ልጠብቅ?»

ምላሽ፦

በጻፉት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ የየራሳቸው መንገድ ስላላቸው በቅድሚያ መለየት ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው ከዚያ ጠዋት የመጣው ጥፋተኝነት ሲሆን፣ እኚህን ሰው ከማወቅዎ በፊትም አብሮዎት የኖረ ነው። ሁለተኛው ከደስታ በኋላ ማታ ላይ የሚመጣው የክህደት ስሜት ነው። ሦስተኛው ጥፋተኝነት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ስልክ ሳይነሣ ሲቀር የሚነሣው እሱ ነው። መጠበቅን በተመለከተ ያለኝ አስተያየት ከዚህ ይመነጫል። የመጀመሪያውን ሦስት ዓመት ጠብቀውታል፣ አልለቀቀዎትም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ የሚቀሰቀሱት ሰው ሲቀርቡ ስለሆነ፣ ብቻዎን ሆነው ቢጠብቁ ይተኛሉ እንጂ አያልቁም፤ በሚቀጥለው መቀራረብ እንደገና ይነሣሉ። ስለዚህ ግንኙነቱን ማቋረጥን አልመክርም፤ ነገር ግን እርምጃውን ቀስ አድርገው፣ ሦስቱን ጎን ለጎን እንዲሠሩባቸው እመክራለሁ።

ከጠዋቱ ጥል ልጀምር፤ የሌሎቹ ሁሉ ሥር እሱ ነውና። አንድ ነገር ከሆነ በኋላ ወደ ኋላ ዞረን ስናየው አስቀድሞ ግልጽ የነበረ ይመስለናል። ባሩክ ፊሽሆፍ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ሰዎች የአንድን ክስተት ውጤት ካወቁ በኋላ ያንን ውጤት ቀድሞውንም ይገምቱት እንደነበር አድርገው ያስባሉ፤ ዕውቀቱ ፍርዳቸውን እንዳዛባውም አያስተውሉም። እርስዎም ዛሬ «ደክሞኛል» የሚለውን ቃል የሚሰሙት ከሰዓት በኋላ የሆነውን በሚያውቅ ጆሮ ነው። የዚያን ጠዋት ግን ቃሉ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ የተባለና ምንም ያላስከተለ ቃል ነበር፤ ምላሽዎም ለዚያ ለሚታወቀው ድካም የተሰጠ ነው።

«ጥሉ ገደለው» ለሚለው ሐሳብ ደግሞ «የለም፣ ምንም ግንኙነት የለውም» ብዬ በማስተባበል ላልፈው አልፈልግም፤ እንዲህ ያለው ማጽናኛ ለአንድ ቀን ይሠራና ይረግፋል። ከፍተኛ ንዴት የልብ የደም ሥሩ አስቀድሞ በታመመ ሰው ላይ የድንገተኛ ሕመምን ዕድል ለአጭር ጊዜ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። በዚያ ጥናት የተለየው ጊዜ ግን ከንዴቱ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ገደማ ናቸው፤ በእናንተ ጥልና በሕመሙ መካከል ስምንት ሰዓት አለ። ከዚህም በላይ፣ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበብ ብዙውን ጊዜ በዓመታት ውስጥ የሚከማች ሕመም እንጂ በአንድ ጠዋት የሚፈጠር አይደለም። ይህንን የባለቤትዎን የሕክምና ማስረጃ አይቶ በዝርዝር ሊያስረዳዎት የሚችል የልብ ሐኪም ማነጋገር ይችላሉ፤ ይህንን ጥያቄ ለሐኪም አንሥቶ የሚያውቅ ሐዘንተኛ ጥቂት መሆኑ ይገርመኛል።

ከዚህ በኋላ በወረቀት የሚሠራ ሥራ አለ። ከላይ «ለሞቱ የእኔ ድርሻ ስንት ነው?» ብለው አሁን የሚሰማዎትን ቁጥር ከመቶ ይጻፉ። ከዚያ ለሞቱ አስተዋጽኦ ሊኖረው የሚችለውን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ በዓመታት የተከማቸው የደም ሥር ሕመም፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ካለ እሱ፣ ምርመራ አለመደረጉ፣ የሥራው ጫና፣ ምልክት ተሰምቷቸው ከነበረ ለማንም አለመናገራቸው፣ ሲወድቁ እርዳታ የደረሰበት ፍጥነት፣ በመጨረሻም የጠዋቱ ጥል። አሁን ከመቶው ለእያንዳንዱ ድርሻ ይስጡ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው፤ የራስዎን የሚጽፉት መጨረሻ ላይ፣ ከቀረው ብቻ ነው። ሰው ከራሱ ሲጀምር አብዛኛውን ለራሱ ይወስድና የቀረውን ለሌላው ያከፋፍላል። ከሌሎቹ ሲጀምር ግን ለእያንዳንዱ ምክንያት ሐቀኛ ግምት ለመስጠት ይገደድና መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ከላይ ከተጻፈው በእጅጉ ያንሳል። ሥራው ያልሠራ እንደሆነ የሚታወቀው ዝርዝሩ ሁለት ወይም ሦስት ምክንያት ብቻ ይዞ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ የባለቤትዎን ጤና የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጓደኛ ዝርዝሩን እንዲያሟላልዎ ያድርጉ።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፣ መቅረቱም ትክክል ነው፤ ክፉ ቃል ተናግረው መለያየትዎ። ይህ ጥፋተኝነት ሳይሆን ጸጸት ነው። ገድያለሁ ከሚለው ክስ ጋር ተጣብቆ ሲኖር ሁለቱም አይንቀሳቀሱም፤ ከተለያዩ በኋላ ግን ጸጸቱ የሚሄድበት ቦታ ይገኝለታል። ካትሪን ሺር የተባሉት የሥነ አእምሮ ሐኪም ለረዘመ ሐዘን ባዘጋጁት በ16 ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ሕክምና ውስጥ ከሟች ጋር በምናብ የሚደረግ ንግግር አለ። ሐዘንተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሟቹ ሊሰማና ሊመልስ እንደሚችል አድርጎ ያነጋግረዋል፤ ቀጥሎ በሟቹ ቦታ ሆኖ ለራሱ ይመልሳል። የሚከብደው ሁለተኛው ክፍል ነው፤ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ባለቤትዎን የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት፤ በእሳቸው አንደበት «በዚያ ጠዋት ንግግርሽ ነው የሞትሁት» ብለው ለመናገር ሲሞክሩ ድምፁ የእሳቸው እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታወቃል። ይህንን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንጂ ብቻዎን ሌሊት ላይ አይሞክሩት።

ወደ ሁለተኛው እናምራ። ከደስታ በኋላ የሚመጣው የክህደት ስሜት «አዲሱን ለመውደድ የቀድሞውን መተው አለብኝ» ከሚል ሐሳብ ይነሣል። ይህ ሐሳብ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ሙያም ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 ባሳተመው ጽሑፉ ሐዘን የሚጠናቀቀው ስሜት ከሞተው ሰው ላይ ተነቅሎ ለሌላ ነፃ ሲሆን ነው ብሎ ነበር። ራሱ ግን ልጁ ሶፊ በ1920 ከሞተችበት በኋላ፣ በ1929 ልጁን ላጣው ለባልንጀራው ለሉድቪግ ቢንስቫንገር በጻፈው ደብዳቤ፣ ለጠፋው ሰው ምትክ ፈጽሞ እንደማይገኝ፣ ክፍተቱ ቢሞላ እንኳ የሞላው ሌላ ነገር ሆኖ እንደሚቀር ነግሮታል። ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማን እና ስቲቨን ኒክማን ደግሞ በ1996 ያቀረቡት ሥራ ብዙ ሐዘንተኞች ከሟቹ ጋር ያላቸውን ትስስር መልኩን ለውጠው እንደሚይዙት፣ ይህም በራሱ የሕመም ምልክት እንዳልሆነ አስረድቷል። ስለዚህ ከእርስዎ የሚጠበቀው ባለቤትዎን ለማስወጣት መታገል አይደለም።

ይህ በተግባር ሲታይ ምን ይመስላል? በእኔ ልምድ ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ፣ የባለቤትዎን ስም በእኚህ ሰው ፊት ሳይንተባተቡ መጥራት መቻልዎ ነው፤ ከዚያም አልፎ ጉድለታቸውን መናገር መቻልዎ። በሞት የተለየ ሰው በሐዘንተኛው ልብ ውስጥ ቀስ በቀስ ያለ ነውር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በተለይ በጥል መካከል የተለዩት እንደሆነ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ቀሪው ይሄድና ሟቹ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። በሕይወት ያለ ሰው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ሊወዳደር አይችልም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ባለቤትዎ አንድ የሚወዱትንና አንድ ያስቸግርዎ የነበረን ነገር ጽፈው ያስቀምጡ። ሁለተኛው ለመጻፍ ጭንቅ ከሆነብዎት፣ የክህደት ስሜቱ የሚመገበው ከየት እንደሆነ አገኙ ማለት ነው። የባለቤትዎን ፎቶግራፍ ከግድግዳ ማውረድ፣ ቀለበት ማውለቅ የመሳሰሉትን ደግሞ አስቸኳይ አድርጌ አላያቸውም፤ ሰውየው ካልጠየቁ፣ እርስዎም ካልፈለጉ ለጊዜው ባሉበት ይቆዩ።

ስሜቱ ቤት ሲገቡ መምጣቱም የሚጠበቅ ነው። ማርጋሬት ስትሮቤ እና ሄንክ ሹት በ1999 እንደገለጹት፣ ሐዘንን የሚቋቋም ሰው በሁለት አቅጣጫ ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ጠፋው ሰው ይዞራል፣ ሌላ ጊዜ ወደሚቀጥለው ኑሮ። ማታ ላይ የሚሰማዎት ይህ መመላለስ ሊሆን ይችላል፤ ጥፋት እንደሠሩ የሚያረጋግጥ ፍርድ አድርገው ማንበብ የለብዎትም። መመላለስ መሆኑንና አንድ ቦታ ላይ መቆም መሆኑን የሚለየው የጊዜው ርዝመት ነው። በየተገናኛችሁበት ዕለት ስሜቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ ከዜሮ እስከ መቶ ያለውን ከፍታና ወደ ግማሽ የወረደበትን ሰዓት በአጭሩ ይመዝግቡ። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ከፍታው እንዳለ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ ከሄደ በጥሩ አቅጣጫ ላይ ነዎት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍታውን ብቻ አይቶ «ምንም አልተለወጠም» በማለት ነው። የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ፣ እርስዎም ለመገናኘት ምክንያት እየፈለጉ መቅረት ከጀመሩ ግን ለተወሰነ ጊዜ ግንኙነቱን ባለበት አቁመው በሐዘኑ ላይ ብቻ መሥራት ይሻላል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። አንድ ቀን በስልክ የከፋ ዜና ሰምተዋል፤ አእምሮዎ የስልክን ዝምታ ከሞት ጋር አያይዞታል፣ ይህም ሊገባን የሚገባ ነው። ችግሩን በሕይወት የሚያቆየው ግን ደጋግሞ መደወሉ ነው። ስልኩ ሲነሣ የሚያገኙት እፎይታ ትልቅ ስለሆነ፣ አእምሮዎ «የዳነው ስለደወልኩ ነው» የሚል ትምህርት ይወስዳል፤ ሳይደውሉ ቢቀሩ ኖሮም ሰውየው ደኅና እንደሚሆኑ የሚያውቅበትን ዕድል ያጣል። ስለዚህ ሥራው ራስን ማረጋጋት ሳይሆን ሳይደውሉ የመቆየት ልምምድ ነው። መጀመሪያ ሳይነሣ ከቀረ ጥሪ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ምንም ሳያደርጉ ይቆዩ፤ የፍርሃቱን መጠን በመጀመሪያው፣ በአምስተኛውና በአሥረኛው ደቂቃ በቁጥር ይጻፉ። ይህ ሲቀልል ወደ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ሰዓት፣ በመጨረሻም ሰውየው ራሳቸው እስኪመልሱ ድረስ ያሳድጉት። አንዱ ደረጃ ሳይቀልል ወደ ቀጣዩ አይለፉ፤ አንድ ቀን ቢሸነፉና ቢደውሉም ደረጃውን ዝቅ አድርጎ መቀጠል ይቻላል።

እዚህ ላይ ልምምዱን በስውር የሚያበላሽ ነገር አለ። መደወሉን ትተው በቴሌግራም መጨረሻ የታዩበትን ሰዓት ማየት፣ ጓደኛን መጠየቅ፣ ቤታቸው በኩል ማለፍ ሁሉ ያው መደወል ነው። ፍርሃቱ በአንዱ በር ሲከለከል በሌላው ይገባል። ምዝገባዎ ላይ ፍርሃቱ በድንገትና በፍጥነት የወረደ ከሆነ፣ ምናልባት ከእነዚህ አንዱን አድርገው ይሆናል፤ በራሱ ጊዜ የሚወርድ ፍርሃት ዝግ ብሎ ነው የሚወርደው።

ይህ ሁሉ እርስዎን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አበቃ ነበር። ነገር ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ ትኩረቴን የሳበው ሰውየው ሲደወልባቸው ዝም ማለታቸው ነው። የትዳር ጓደኛውን በሞት ያጣ ሰውና በፍቺ የተለየ ሰው ፍርሃታቸው አንድ አይደለም። እርስዎ የሚፈሩት ሰው በድንገት እንዳይጠፋ ነው። ትዳሩ የፈረሰበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈራው የራሱን ምርጫ ነው፤ «ያን ጊዜ ያላየሁት ምልክት አሁንም እያመለጠኝ ቢሆንስ?» እያለ ምልክት ይፈልጋል። የቀድሞ ሚስታቸው ስልካቸውን ይፈትሹባቸው ከነበረ፣ የእርስዎ ተከታታይ ጥሪ የእርስዎን ፍርሃት ሳይሆን የቀድሞውን ቁጥጥር ይነግራቸዋል፤ ራሳቸውን ለመጠበቅ ዝም ይላሉ። የእሳቸው ዝምታ ደግሞ ለእርስዎ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው፤ ስለዚህ እንደገና ይደውላሉ። ሁለታችሁም ክፋት ሳይኖርባችሁ አንዱ የሌላውን ቁስል ይነካል። ብዙ እንዲህ ያለ ግንኙነት የሚፈርሰው ፍቅር ጠፍቶ ሳይሆን ይህ መደጋገም ስም ስላልተሰጠው ነው።

ስም ለመስጠት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ በተረጋጋ ጊዜ፣ ጥል በሌለበት ቀን፣ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ስልክህ ሳይነሣ ሲቀር የባለቤቴ ሞት የተነገረኝ ቀን ይመለስብኛል። የምደውለው የት እንዳለህ ለመቆጣጠር አይደለም። ልማዱን ለመተው እየሠራሁ ነው።» ከዚያ አንድ ስምምነት ይኑራችሁ፦ ለረጅም ሰዓት የማይገኙ ከሆነ እሳቸው አስቀድመው «እስከ 11 ሰዓት ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ይጻፉ፤ እርስዎም እስከዚያ ሰዓት አይደውሉ። የስምምነቱ ወሰን እዚህ ላይ መሆን አለበት። በየሰዓቱ «ደኅና ነኝ» እንዲሉ ከጠየቋቸው ግን መደወሉ ሥራውን ለእሳቸው አስተላለፈ እንጂ አልቆመም። ይህን ሁሉ ካስረዷቸው በኋላም በዝምታቸው እርስዎን መቅጣት የሚቀጥሉ፣ ወይም ሐዘንዎን በጥል ጊዜ መሣሪያ የሚያደርጉ ከሆነ፣ ያ የእርስዎ ፍርሃት የፈጠረው ስላልሆነ በልምምድ አይፈታም።

ስለ ልጅዎ በአጭሩ። በአምስት ወር ጊዜ ማስተዋወቅ ግዴታ አይደለም፤ ግንኙነቱ የሚቀጥል መሆኑ ለእርስዎ ግልጽ እስኪሆን መቆየት የተሻለ ነው፤ አባቱን ያጣ ልጅ የለመደውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ እንዲያጣ አይፈለግምና። ነገር ግን ከማስተዋወቅ በፊት መናገር ይቀድማል፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ። ሲነግሩት ሰውየው በአባቱ ቦታ የሚተኩ እንዳልሆኑ፣ በምንም ስም እንዲጠራቸውም እንደማይገደድ በግልጽ ይንገሩት። ቢቆጣ ወዲያው አያባብሉት፤ ቁጣው አባቱን መጠበቂያው ሊሆን ይችላል።

«ጊዜው ገና ነው ወይ?» ላሉት፣ ከሞት በኋላ ስንት ወር መጠበቅ እንዳለበት የሚወስን የሙያ ሕግ የለም። ያለው መለኪያ ስለ ረዘመ ሐዘን ነው፦ በ2022 የታተመው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለአዋቂዎች ቢያንስ 12 ወር፣ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ያስቀምጣል፤ ወሳኙ ግን ወሩ ብቻ ሳይሆን ናፍቆቱ ወይም ስለ ሟቹ ማሰቡ ኑሮን እስከሚያሰናክል ድረስ ብርቱ ሆኖ መዝለቁ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የባለቤትዎን መሞት ማመን እስካሁን ካቃተዎት፣ የሚያስታውሷቸውን ቦታና ሰው ሁሉ የሚሸሹ ከሆነ፣ ሥራዎንና ልጅዎን መንከባከብ ከተሳነዎት የሐዘን ሕክምና የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። እንቅልፍ ማጣቱ በአብዛኛው ሌሊት የሚደጋገም ከሆነም እንዲሁ። ከእሳቸው ጋር ለመሆን መሞትን የሚመኙበት ሰዓት ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገሩ፣ ወደ ሕክምና ተቋምም ይሂዱ። ባለሙያው ዘንድ ሲቀርቡ የጀመሩትን ምዝገባና የድርሻውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ በመጀመሪያው ቀን «የቱ ይቅደም?» ተብለው ሲጠየቁም ከአዲሱ ግንኙነት በፊት የዚያን ጠዋት ጉዳይ ያንሡ።